የ‹ሰማ› ሦስተኛ ፊደል የት ገባ?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለ ሰዋስው ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

‹ለመስማት› አልኩ አይደል? እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ በሙሉ የዚችን ቃል ጉዳይ የሚከተል ነው። ሰማ። ይሰማል። ሰምቶ። መስማት። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምንላት ቃል ናት። እስኪ ልጠይቃችሁ፦ ‹መስማት› ላይ ያለችው ት ከየት መጣች? ‹ሰማ› ላይ የለችም። ‹ይሰማል› ላይ የለችም። ‹ሰሚ› ላይ የለችም። ታዲያ ከየት መጣች?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ አዛውንት መምህሬ ናቸው። ተማሪ ሳለሁ የግሶችን ሥር አውጡ ተብለን ነበር። ‹ሰበረ› ላይ ስ-ብ-ር ብዬ ጻፍኩ። ‹ሰማ› ላይ ደግሞ ስ-ም። መምህሬ ወረቀቴን አይተው ዝም አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ሦስተኛዋን የት አደረግሃት?» አሉኝ። «መምህር፣ ሦስተኛ የላትም» አልኩ። «እሺ፣ ‹ሰምቶ› በል» አሉኝ። «ሰምቶ» አልኩ። «እንግዲያው ይቺን ት ማን ጠራት?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ፣ የሴም ቋንቋዎች ቃል የሚሠሩት እንዴት ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ተነባቢ ሲጠፋ ምን ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የጠፋውን ተነባቢ የት እናገኘዋለን።

አንደኛው አጭር ነው። ስ-ብ-ርን እንያዝ። ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። ብቻቸውን ማንም አይናገራቸውም። ነገር ግን የመሰበርን ነገር ይዘዋል። ቃል የሚሆኑት ቅርጽ ውስጥ ሲገቡ ነው። ቅርጹን እንደ ሦስት ወንበሮች አስቡት። በወንበሮቹ መካከል ያሉት አናባቢዎች ቀድመው የተዘጋጁ ናቸው። ሥሩ መጥቶ ወንበሮቹ ላይ ይቀመጣል። በአንዱ ቅርጽ ሰበረ ይሆናል፣ በሌላው ሰባሪ፣ በሌላው ሰባራ፣ በሌላው ስብራት፣ በሌላው መስበሪያ፣ በሌላው አሰባበር። ሥሩን ቀይራችሁ ክ-ፍ-ትን ብታስቀምጡ ከፈተ፣ ከፋች፣ መክፈቻ፣ አከፋፈት ይመጣል። ቅርጹ ያው ነው። ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ነው የሚሄዱት። ዐረቡ ከክ-ት-ብ ከተበ ይላል፣ ጻፈ ማለቱ ነው። ካቲብ ይላል፣ ጸሐፊ። መክቱብ ይላል፣ የተጻፈ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልቆይበትም።

የምቆይበት ሁለተኛው ላይ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሦስት ወንበር ባለበት ቅርጽ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ወንበር ይወሰዳል? ወይስ ባዶውን ይቀመጣል?

እስኪ ሁለቱን ግሶች ጎን ለጎን እናስኪዳቸው። ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፣ በአፋችሁም በሉት።

ሰበረ፣ ሰማ።
ይሰብራል፣ ይሰማል።
ሰብሮ፣ ሰምቶ።
መስበር፣ መስማት።
ሰባሪ፣ ሰሚ።
አሰባበር፣ አሰማም።

‹ሰብሮ› እና ‹ሰምቶ› ላይ እንቁም። ስ ከስ ጋር ናት። ብ ከም ጋር ናት። ከር ጋር የተቀመጠችው ማን ናት? ት! በትክክል በሦስተኛው ወንበር ላይ። ‹መስበር› እና ‹መስማት› ላይም እንዲሁ ናት። መጨረሻ ላይ ር ባለችበት ቦታ ት አለች። ቅርጹ ሦስተኛ ተነባቢ ይፈልጋል። ባለቤቱ ስለሌለ ት ተተክታ ገባች። ወንበሩ ባይኖር ኖሮ ማን ይጠራት ነበር?

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ሊያቋርጠኝ ይችላል። «ታዲያ ሥሩ ስ-ም-ት ነው በላ!» ጥሩ ጥርጣሬ ነው። የሚመረመርበት መንገድ አለ። ት የእውነት የሥሩ አካል የሆነችበትን ግስ እናምጣ፤ ከፈተ። ከፍቶ፣ መክፈት። እስካሁን ከ‹ሰምቶ› እና ከ‹መስማት› ጋር አንድ ይመስላል። ግን ይከፍታል እንላለን። ት አልሄደችም። ከፋች እንላለን፤ ት ወደ ች ተለወጠች እንጂ አልጠፋችም። ‹ሰማ› ላይ ሥሩ ስ-ም-ት ቢሆን ኖሮ ‹ይሰምታል›፣ ‹ሰማች› ብለን አድራጊውን እንጠራ ነበር። ማንም እንዲህ አይልም። ስለዚህ የ‹ሰምቶ› ት ተተኪ ናት። ባለቤት አይደለችም።

አሁን ‹አሰማም›ን እዩልኝ። እኔ ይቺን ቃል በጣም ነው የምወዳት። ‹አሰባበር› የሚለው ቅርጽ ሁለተኛዋን ተነባቢ ይደግማል። አሰ-ባ-በ-ር፤ ባ እና በ፣ ከዚያ ር። ‹አቀራረብ›ም እንዲሁ ነው፤ ራ እና ረ፣ ከዚያ ብ። እሺ፣ ‹አሰማም› ላይስ? ማ አለች፣ ም አለች፣ ከዚያ... ምንም። ድግግሞሹ አለ፣ የመጨረሻው ወንበር ግን ባዶ ነው። ‹አበላል› በሉ፦ ላ፣ ል፣ ባዶ። ‹አገባብ› በሉ፦ ባ፣ ብ፣ ባዶ። ‹አመጣጥ› በሉ፦ ጣ፣ ጥ፣ ባዶ። ብዙ ሰው ‹አገባብ› ላይ ያለችውን የመጨረሻ ብ ሲያይ ሥሩ ግ-ብ-ብ ይመስለዋል። አይደለም። እሷ የሁለተኛዋ ድጋሚ ናት። ሦስተኛዋ የለችም።

ሌላ ምልክት ደግሞ ፊደላችን የማይጽፈው፣ ጆሯችን ግን የሚያውቀው ነው። ‹ሰበረ› ስንል ብ ትጠብቃለች። ‹ይሰብራል› ስንል ትላላለች። አሁን ‹ሰማ› በሉ። ም ጠበቀች አይደል? ‹እሱ ይሰማል› በሉ፣ ጆሮ አለው ለማለት። ላላች! እንደ ‹ሰበረ› ባሉ ግሶች ሁለተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተነባቢ በኃላፊ ጊዜ ይጠብቃል፣ በአሁን ጊዜ ይላላል። ም ይህን ሕግ የምታከብረው ሁለተኛ ስለሆነች ነው እንጂ የመጨረሻ ስለሆነች አይደለም። «ድምፁ ይሰማል» ስትሉ ደግሞ ስ እና ም ሁለቱም ይጠብቃሉ። ጽሑፉ አንድ ነው፣ ቃሉ ሁለት ነው። አንባቢ የሚለየው ቅርጹን በጆሮው ስለሚያውቅ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግስ የሚያረባ አነስተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። ሥር እሰጠዋለሁ፣ እሱ ወንበሮቹ ላይ እያስቀመጠ ቃል ያወጣልኛል። ስ-ብ-ር ሰጠሁት፤ አንድም አልሳተም። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ስ እና ም ብቻ ሰጠሁት። ‹ሰመ› አለኝ። ‹ሰሞ› አለኝ። ‹መስመ› አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስህተቱን ፈለግኩ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የሰጠሁት ሥር ነበር። በመጨረሻ ሦስተኛው ቦታ ላይ ዜሮ አስቀመጥኩ። ማለትም፣ ‹እዚህ አንድ ነገር አለ፣ ግን ድምፅ የለውም› አልኩት። ሁለት ሕግ ጨመርኩለት፤ ከዜሮ በፊት ያለው አናባቢ ራብዕ ይሁን፣ ‹ሰብሮ› እና ‹መስበር› ቅርጽ ላይ ደግሞ በዜሮው ቦታ ት ግባ። ሰማ፣ ሰምቶ፣ መስማት ወጡልኝ። በላ፣ በልቶ፣ መብላት ወጡልኝ። ረሳ፣ ረስቶ፣ መርሳት ወጡልኝ። ያኔ መምህሬ ትዝ አሉኝ።

ያቺ ራብዕ ግን ለምን? ‹ሰበረ› በመጀመሪያው ድምፅ፣ በግዕዝ፣ ያልቃል፤ ረ። ‹ሰማ› ለምን በራብዕ ያልቃል?

መልሱ ሁላችንም ፊደል ስንቆጥር አፋችን ላይ ነበር። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እንላለን፤ በ እና ባ ይለያያሉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ስንል ግን? ሀ እና ሃ አንድ ናቸው! አ እና ኣም አንድ ናቸው። ልጅ ሆነን ማንም ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ምክንያቱ ጉሮሮ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ በጥንቱ አነባበብ ሁሉም ከጉሮሮ አካባቢ የሚወጡ ድምፆች ነበሩ። እነዚህ ድምፆች አጠገባቸው ያለውን የግዕዝ አናባቢ ወደ ራብዕ ይስቡታል። አማርኛ ድምፆቹን አብዛኛውን ጊዜ ጣላቸው። የሳቡት አናባቢ ግን እንደተሳበ ቀረ። ‹ሰማ› መጨረሻ ላይ ያለችው ራብዕ የጠፋ የጉሮሮ ድምፅ ዱካ ናት።

ይህ በሦስተኛው ወንበር ብቻ አይደለም። መጀመሪያው ላይ ሲጠፋ ‹አለፈ› አለ። መስበር እንላለን፤ ‹መለፍ› ግን አንልም፣ ማለፍ እንላለን። ይሰብራል፣ ያልፋል። ማ እና ያ፣ ሁለቱም ራብዕ። መሐል ላይ ሲጠፋ ደግሞ ‹ሳለ› አለ። በራብዕ የሚጀምር፣ ሁለት ፊደል ብቻ የቀረው ግስ።

በራብዕ የማያልቁም አሉ። ቀረ፣ መቅረት፣ ቀርቶ። ሰጠ፣ መስጠት፣ ሰጥቶ። ት ገብታለች፣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ግን አናባቢው ግዕዝ ነው። ስለዚህ የጠፋው የጉሮሮ ድምፅ አይደለም። እንዲህ ያሉት ወደ የ እና ወደ ወ ነው የሚመሩን። ወ እንዴት እንደምትደበቅ አንድ ላሳያችሁ። ‹ሞተ› በሉ። ም እና ት ብቻ ይመስላል። አሁን እንደ ‹ሰባሪ› አድርጋችሁ ጥሩት፦ ሟች። ሟ! ከንፈራችሁ ሲሞጠሙጥ አያችሁ? ያቺ ወ ናት። ዐረቡ ሞትን መውት ይለዋል፤ እዚያ በግልጽ ተቀምጣለች። ‹ቆመ› ብላችሁ ‹ቋሚ› በሉ፤ እንደገና እሷው ናት።

ይህን ነገር መጀመሪያ እኛ አይደለንም ያየነው። ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ የሚኖሩ የዕብራይስጥ ምሁራን በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። መናሔም ቤን ሳሩቅ የሚባለው ሊቅ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ሁለት ፊደል ያላቸው፣ አልፎም አንድ ፊደል ብቻ ያላቸው ሥሮች እንዳሉ ተቀብሎ ነበር። የሚታየውን ነው የቆጠረው። ልክ እኔ ወረቀቴ ላይ እንዳደረግኩት። ከሱ በኋላ በፌዝ የተወለደውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኮርዶባ የሠራው ይሁዳ ሐዩጅ መጣ። የዐረብኛን ሰዋስው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እነዚህ ግሶችም ሦስት ተነባቢ አላቸው፣ ደካማዋ ተነባቢ ትደበቃለች ወይም ትለወጣለች እንጂ ቦታዋ አለ አለ። ዛሬም የዕብራይስጥ ግስ የሚተነተነው ሐዩጅ ባስቀመጠው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው። የጠፋችውን የት እናግኛት?

አንደኛው መንገድ ዘመድ መጠየቅ ነው። ግዕዝን ጠይቁት፤ ሰምዐ ይላችኋል። ዐ! ትግርኛም ዐን ይዟታል። ዐረቡ ሰሚዐ ይላል። በዕብራይስጥ ሻማዕ ነው። አራቱም አንድ ምስክርነት ይሰጣሉ፤ ሦስተኛዋ ዐ ናት። መምህሬ የጠየቁኝ እሷን ነበር።

የሚገርመው፣ የጣልናት እኛ ብቻ አይደለንም። የጥንቱ አካድኛ፣ በሸክላ ላይ የተጻፈው የባቢሎን ቋንቋ፣ ከእኛ እጅግ ቀድሞ ዐን ጥሏታል። መስማትን ሼሙ ይለዋል። እሱም ዱካ ቀርቶበታል፤ የእሱ አናባቢ ግን ወደ ራብዕ ሳይሆን ወደ ኤ ነው የሄደው። በዕብራይስጥ ባዓል የሚባለውን ጌታ፣ ባለቤት የሚል ቃል አካድኛ ቤሉ ይለዋል። እኛስ? ባል! አንዷ ዐ ጠፍታ በአንዱ ኤ፣ በሌላው ራብዕ ትታ ሄደች። የማልታ ሰዎችም ቋንቋቸው ከዐረብኛ የወጣ ነው። ‹ሰማ›ን ሲጽፉ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ፤ እዚህ ዐ ነበረች ለማለት። የኔ ዜሮ ማለት ናት። ይህን ሳውቅ በጣም ነበር የተደሰትኩት።

ሁለተኛው መንገድ ግን ከዚህ የቀረበ ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጠፋችው ፊደል ብዙ ጊዜ እዚሁ አማርኛ ውስጥ ናት፤ ከግዕዝ በቀጥታ በወሰድነው ቃል ውስጥ ተቀምጣ። ሰማ እንላለን፤ ሰማዕት ላይ ግን ዕ አለች። ሰማዕት ማለት በመሠረቱ ምስክር ነው፣ የሰማውን የሚናገር። መጣ እንላለን፤ ምጽአት ላይ አ አለች። ወጣ እንላለን፤ ዘፀአት ላይ አለች። ተነሣ፣ ትንሣኤ። ገባ፣ ጉባኤ። ዛሬ እኮ ጉባኤ ላይ ነው የተቀመጥነው! በግዕዝ ገብአ ተመለሰ፣ ገባ ማለት ነው፤ ሰው ከያለበት ገብቶ ሲሰበሰብ ጉባኤ ሆነ። ‹መጣ› እና ‹ምጽአት› ላይ ጠ እና ጸ እንደተለዋወጡም ልብ በሉ፤ ግዕዙ መጽአ ነው፣ አማርኛ ጸን ጠ አደረጋት። ‹አለፈ›ስ? ኃላፊ ጊዜ እንል የለ! ያለፈ ጊዜ። ግዕዙ ኀለፈ ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠንቀቅ። ባዶ ወንበር መኖሩን ከአማርኛ ብቻ ማወቅ ይቻላል። ማን ይቀመጥበት እንደነበር ግን ከአማርኛ ብቻ አይታወቅም። ‹ሳለ›ን እዩ። ሰው ሥዕል ሳለ። ሰው ቢላዋ ሳለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳለ። ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ሥዕል የሣለው ግዕዙ ሠዐለ ነው፤ ‹ሥዕል› ራሱ ይመሰክራል። ቢላዋ የሳለው ሰሐለ ነው። የሳል በሽታው ሰዐለ ነው፤ ዐረቡም ሰዐለ ብሎ ነው የሚስለው። ሦስት የተለያዩ ሥሮች ነበሩ። ሠ እና ሰ በድምፅ አንድ ሆኑ፣ ሐ እና ዐ ጠፉ፣ ሦስቱ አንድ መልክ ይዘው ቀሩ። ማንም ሰው ‹ሳለ›ን ብቻ ይዞ ‹የሥዕልና የቢላዋ ነገር በጥንት አንድ ነበር› ቢላችሁ አትመኑት። መጀመሪያ የጠፋችውን ተነባቢ አምጣ በሉት።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፤ ግን ከፊት የተቀመጡት እናታችን እጃቸውን አንስተዋል። እሺ እናቴ፣ ይበሉ።

«ልጄ፣ ‹አለ›ስ? ‹እንዲህ አለ› የምንለው? እሱማ አንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው።»

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ከሁሉ የከበደውን ነው የጠየቁኝ። እስኪ አብረን እንፈልገው። ‹አለ› ላይ ል ብቻ ትሰማለች። ‹ይላል› ላይም ል ብቻ። አሁን ‹ሰብሮ› እንደምንለው አድርጉት፦ ብሎ። ብ መጣች! ‹በል›፣ ‹እንበል› ላይም አለች። ስለዚህ አንደኛው ወንበር የብ ነው፣ ሦስተኛው የል። መሐሉስ? ‹ተባለ› በሉ። ባ፣ ራብዕ! ‹ተሳለ› ላይ ያለችው ሳ ዓይነት። መሐል ላይ የጉሮሮ ድምፅ ጠፍቷል። ግዕዝን እንጠይቀው፤ ብህለ ይላል። ብ-ህ-ል። ግዕዝም ቢሆን ‹እንዲህ አለ› ለማለት ይቤ ነው የሚለው፤ ብን ይዞ ህን እና ልን ይጥላል። ይህች ቃል በየቋንቋው በጣም ስለምትነገር በየቋንቋው ተበልታለች።

ሦስቱንም አንድ ላይ ማየት ከፈለጉ፣ እናቴ፣ እነሱም እቤታችን ናቸው። ባህል። ሲባል የኖረው፣ የተባለው። ብሂልም አለ፤ የአባቶች ብሂል እንላለን። ‹ብሂል› ስንል ብም፣ ህም፣ ልም አሉ። ‹ብሎ› ስንል ሁለት ቀሩ። ‹አለ› ስንል ል ብቻዋን ናት፣ ከፊቷ ሁለት ባዶ ወንበር አለ።